የዘፈን ግጥማችሁን ዜማ ከማልበሳችሁ በፊት መርምሩት

ወሎ ውስጥ ግጥም መጻፍ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ብዕር ከማንሳቱ በፊት ማንጎራጎር ይጀምራል። ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ አገር ቦታ ስም ነው። ትዝታም ቢሆን እዚህ ከልጅነት ጀምሮ ጆሮ ውስጥ ያለ ነው። ችግሩ ትዝታ በጣም ለጋስ መሆኑ ነው። ደካማ ስንኝ እንኳ በትዝታ ሲንጎራጎር ሆድ ያባባል። ጸሐፊው ያለቀሰው በዜማው ይሁን በቃሉ አያውቅም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚሠራው ያለ ዜማ ነው። እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ክራሩን አስቀምጡት። ግጥሙን በወረቀት ላይ በእጅ ጻፉ፤ እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ መስመር ይሁን፤ መሃሉ ላይ ሐረጉ የሚከፈልበትን ቦታ በጭረት ለዩ። በስተቀኝ ሰፊ ክፍት ቦታ ተዉ። እዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ስንኝ ከሦስት ቃል አንዱን ትጽፋላችሁ፦ «ይቆይ»፣ «ይታረም»፣ «ይውጣ»።

የምትጠይቁት ይህን ነው፦

1. ማን ነው የሚናገረው? ለማን?
2. ቀለሙ ልክ ነው?
3. ቤቱ የመታው በተፈጥሮ ነው ወይስ በግድ?
4. ይህ ስንኝ ቢወጣ ምን ይጎድላል?
5. የቦታው ስም ሥራ አለው?
6. የቃል ጨዋታው ሳይብራራ ይሰማል?
7. ሲዘፈን ቃሉ ሌላ ቃል አይሆንም?

ለምሳሌ እንዲሆን አንድ ግጥም ጽፌያለሁ። ጀማሪዎች የሚያመጡልኝ ግጥሞች ላይ ደጋግሜ የማያቸውን ድካሞች ሁሉ ሆን ብዬ አስገብቼበታለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፍቅረኛው ከደሴ የሄደችበት ሰው ሊረሳት ብሎ ወደ ወልድያ ይጓዛል።

የወሎዋ ቆንጆ / የደሴ ጨረቃ
ልቤን ወስደሽብኝ / እኔም አልነቃ
መኪና ሲወስድሽ / አለቀስኩ በጣም
ትዝታሽ ገደለኝ / እንቅልፍም አልመጣም
መርሳ ላይ አደርኩኝ / እሷን ልርሳ ብዬ
በጧት ተነሳሁኝ / ወይኔ አበሳዬ
የሐይቅ ውሃ ሞልቶ / ጀልባ ይንሳፈፋል
ያላንቺ መኖር ግን / የሰው ልብ ያስከፋል

ከስህተቱ በፊት ጥሩውን ፈልጉ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ጥሩው ክፍል የት እንዳለ ካላወቃችሁ ስታርሙ አብራችሁ ትጥሉታላችሁ። ከላይ ባለው ግጥም ሁለት ቦታ ላይ አሰምርበታለሁ። አንዱ «እንቅልፍም አልመጣም» ነው። ተራ ንግግር ነው፤ ሰው እንዲሁ ነው የሚያወራው። ሁለተኛው «መርሳ ላይ አደርኩኝ» ነው። ሊረሳ የወጣ ሰው መርሳ ከተማ ላይ ማደሩ የግጥሙ ትልቁ ሀብት ነው። ጸሐፊው ግን ገና አልተጠቀመበትም።

አንደኛ፦ ማን ለማን

በግጥሙ ላይ ያሉትን ተውላጠ ስሞችና የግስ መድረሻዎች በሙሉ አክብቡ። «ወስደሽብኝ»፣ «ሲወስድሽ»፣ «ትዝታሽ»፤ እስከዚህ ሰውዬው ለእሷ ነው የሚናገረው። አምስተኛው ስንኝ ላይ ድንገት «እሷን» ይላል። አሁን ለእኛ ለሰሚዎች ነው የሚያወራው። ስምንተኛው ላይ ደግሞ ተመልሶ «ያላንቺ»።

ጸሐፊው አያስተውለውም፤ ለእሱ ሴትየዋ አንድ ናት። ሰሚው ግን ለአፍታ ሌላ ሴት የመጣች ይመስለዋል። በዘፈን ውስጥ ያ አፍታ ውድ ነው፤ ሰሚው እስኪገባው ድረስ ቀጣዩ ስንኝ ያልፈዋል። ከአንቺ ወደ እሷ መዞር አይከለከልም፤ ነገር ግን ምክንያት ይኑረው። ለምሳሌ ሰውዬው ተስፋ የቆረጠበት ቦታ ላይ ቢሆን ያምራል። እዚህ ግን ምክንያቱ ቀለም መሙላት ብቻ ነው። አምስተኛው ስንኝ፦ ይታረም።

ሁለተኛ፦ ቀለም

የአማርኛ ግጥም ቀለም የሚቆጠረው በአፍ እንጂ በፊደል አይደለም። ጀማሪዎችን በጣም የሚያደናግረው ይኸው ነው። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ተጣብቆ ይነገራል፤ ያን ጊዜ ለብቻው አይቆጠርም። እያጨበጨባችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ አንድ ጭብጨባ አንድ ቀለም ነው።

«የደሴ ጨረቃ» ስድስት ነው፦ የ-ደ-ሴ-ጨ-ረ-ቃ። «እኔም አልነቃ» ደግሞ ሰባት ፊደል ቢኖረውም አምስት ቀለም ብቻ ነው፦ እ-ኔም-አል-ነ-ቃ።

ምሳሌያችን የተጻፈው በወል ቤት ነው። በየሐረጉ ስድስት፣ በስንኙ አሥራ ሁለት ቀለም አለው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ቀለም ጎድሏል። ዘፋኙ ይህን ሲያገኝ አንዱን ድምፅ ይጎትተዋል ወይም «ኧ» ብሎ ይሞላዋል። ልምድ ያለው ዘፋኝ አሳምሮ ያልፈዋል፤ ጸሐፊው ግን በዚያ መመካት የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስድስት ስድስት ብቸኛው ልክ አይደለም። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው የሚሄደው፤ እሱም ጥሩ ይዘፈናል። የምትመዝኑት ቁጥሩን ሳይሆን የመረጣችሁትን ልክ እስከ መጨረሻው መጠበቃችሁን ነው። ልኩን መስበር ካስፈለጋችሁ በአዝማቹ ላይ ስበሩት። እዚያ ሰሚው ለውጥ ይጠብቃል።

ሦስተኛ፦ ቤት መምታት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ አብዛኛው ግጥም የሚበላሸው እዚህ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ስንኙን ለጎረቤት እንደምትነግሩት አድርጋችሁ በተራ ንግግር ድገሙት። ቤት የመታው ቃል ያለ ችግር ተመልሶ ከመጣ ቤቱ እውነተኛ ነው። ቃሉ ከተቀየረ ወይም ከጠፋ በግድ የገባ ነው።

«እኔም አልነቃ»ን በተራ ንግግር ብንለው «እኔም አልነቃሁም» ይሆናል። ጸሐፊው «ሁም»ን የቆረጠው «ጨረቃ» ላይ ለመድረስ ነው። በዚህ የተነሳ ያልነቃው ማን እንደሆነ ጠፋ፤ እሱ ነው ወይስ ልቡ? ቤቱ መትቷል፤ ትርጉሙ ግን ወድቋል።

«አለቀስኩ በጣም» ሌላ ዓይነት ነው። በንግግር «በጣም አለቀስኩ» ነው የምንለው። ቃላት ማገላበጥ በግጥም የተፈቀደ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ አልጥለውም። የምጥለው «በጣም» ሌላ ሥራ ስለሌለው ነው። ምን ያህል እንዳለቀሰ ይናገራል እንጂ አያሳይም። ከሥሩ ያለው «አልመጣም» ግን በንግግር ውስጥም እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ከጥንዱ አንዱ እውነተኛ ሌላው ጥገኛ ነው። ይህን ስታገኙ እውነተኛውን አስቀሩና ለእሱ ሌላ ጓደኛ ፈልጉ።

«ወይኔ አበሳዬ»ም የታወቀ መሙያ ነው። «ወይኔ»፣ «አይ»፣ «እህህ» የሚባሉትን ዘፋኙ ራሱ በስሜቱ ይጨምራቸዋል። ከጸሐፊው ከመጡ ቦታ ይበላሉ። ስድስተኛው ስንኝ፦ ይውጣ።

አራተኛ፦ ቢወጣ ምን ይጎድላል?

በእጃችሁ አንዱን ስንኝ ሸፍኑና የቀረውን አንብቡ። ምንም ካልጎደለ ያ ስንኝ አልሠራም።

በቃል ግጥማችን ውስጥ የቆየ ልማድ አለ። የመጀመሪያው ስንኝ ተራራውን፣ ወንዙን ወይም ከብቱን ያነሳል፤ ሁለተኛው ቁም ነገሩን ይናገራል። የመጀመሪያው አንዳንዴ ለቤት ማደላደያ ብቻ የገባ ነው። በጨዋታ መሃል፣ ግጥም አቀባይ በሚያቀብልበት ሰዓት፣ ይህ ምንም ነውር የለውም፤ ጊዜ የለማ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው ግን ያ ሰበብ አይሠራም።

ሰባተኛውን ስንኝ እዩት። የሐይቅ ውሃ ሞላ፣ ጀልባ ተንሳፈፈ። ከዚያስ? «ያስከፋል» እንዲመጣ «ይንሳፈፋል» ተጠራ። ውሃው ቢሞላም ባይሞላም፣ ጀልባው ቢኖርም ባይኖርም የሰውዬው ሐዘን ያው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ምርጫ አለው፤ ምስሉን ማውጣት ወይም ምስሉን ሥራ መስጠት። እኔ ሥራ መስጠቱን እመርጣለሁ፤ ጀልባ ጥሩ ዕቃ ነው። በጀልባው ላይ ማን ተቀምጦ ነበር? አሁንስ ማን አለበት? ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ያረጀ አነጋገርንም የምትይዙት በዚሁ ደረጃ ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ ለሁለት ሦስት ሰው አንብባችሁ ቁሙ፤ ቀጣዩን እንዲሞሉ ጠይቋቸው። «ትዝታሽ…» ብላችሁ ብትቆሙ አንዱ «ገደለኝ»፣ ሌላው «አቃጠለኝ» ይላል። ሰሚው ከእናንተ ቀድሞ ከጨረሰው ያ ሐረግ የእናንተ አይደለም።

አምስተኛ፦ የቦታው ስም

ለወሎ ጸሐፊ ይህ ጥያቄ ለብቻው መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ አምባሰል፣ ቦርከና፤ ስሞቹ ራሳቸው ዜማ አላቸው። ስለዚህ ጸሐፊው ስሙን ከጠራ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

ስሙን በሌላ ቀይሩት። «የወሎዋ ቆንጆ» የሚለውን «የጎንደሯ ቆንጆ» አድርጉት። ቀለሙ እንኳ አይናጋም፤ ስድስት ነው። በግጥሙ ውስጥ አንድም ነገር አልተለወጠም። ስለዚህ ወሎ እዚህ የገባው ለጌጥ ነው። «መርሳ ላይ አደርኩኝ»ን ግን «ባቲ ላይ አደርኩኝ» ብትሉት ግጥሙ ይፈርሳል። የቦታ ስም ሥራ አለው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ፈተና መንገዱ ነው። ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሐይቅን ያገኛል፤ ከዚያ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን። በግጥሙ ውስጥ ግን ሰውዬው መርሳ አድሮ በጧት ተነስቶ ሐይቅን ያያል። ወደ ኋላ እየተመለሰ ከሆነ ይናገር። ካልሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሰሚ እዚያ ላይ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የተባለውንም አያምንም። በዚህ መስመር ከሚመላለስ ሾፌር በላይ ጥሩ ሐያሲ የለም፤ አንዱን ካገኛችሁ አንብቡለት።

ስድስተኛ፦ የቃል ጨዋታ

ሰምና ወርቅ መሞከር የማይፈልግ ጀማሪ የለም። የሰም ፈተናው አንድ ነው፤ ወርቁ ለማይገባው ሰው እንኳ ስንኙ ሙሉ ትርጉም ይስጥ። የወርቁ ፈተና ደግሞ ጸሐፊው አጠገብ ቆሞ ሳያብራራ መሰማቱ ነው።

«መርሳ ላይ አደርኩኝ እሷን ልርሳ ብዬ» ሰሙ ደህና ነው። ነገር ግን «ልርሳ ብዬ» ሲል ጸሐፊው ራሱ አብራራው። ሰሚው የሚያገኘው ነገር አልቀረለትም። በሌላ በኩል «መርሳ» ብቻውን ቢተው ወርቁ አይወጣም፤ በአማርኛ የምንለው «መርሳት» ነውና አንድ ፊደል ይጎድለዋል። በግድ ኅብረ ቃል ለማድረግ መታገል አያስፈልግም። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ እርስ በርስ ማጋጨት ይቻላል፦

መርሳ ላይ አደርኩኝ / መርሳት ግን የት አለ

አሁን ማብራሪያው ጠፋ፤ ጥያቄ መጣ። ቀለሙም ስድስት ስድስት ነው፤ «እሷን»ም አብሮ ወጣ።

የተቀረውን በዚሁ መንገድ ሳርመው ስምንቱ ስንኝ ስድስት ሆነ፦

ከደሴ ስነሳ / ጦሳን ጉም ሸፍኖት
በርሽ ብቻ ታየኝ / ቁልፍ ተንጠልጥሎበት
ከሐይቁ ዳር ቆሟል / ጀልባው ሰው የሌለው
ሁለት ሰው ለምዶ ነው / ብቸኛ የጠላው
መርሳ ላይ አደርኩኝ / መርሳት ግን የት አለ
ወልድያም ስገባ / ስምሽ ቀድሞኝ ዋለ

«ቆንጆ»፣ «ጨረቃ»፣ «አለቀስኩ» ወጥተዋል። «እንቅልፍም አልመጣም»ም ወጥቷል፤ አሳዝኖኛል፤ ለሌላ ግጥም ይቆየኛል። ጥሩ ሐረግ ሁሉ በአንድ ግጥም ውስጥ መግባት የለበትም። መንገዱ ከደሴ እስከ ወልድያ በቅደም ተከተል ይሄዳል። ጀልባው ሥራ አገኘ።

ፍጹም አይደለም። ሁለተኛውን ጥንድ ብቻ ለይታችሁ ብትመረምሩት «አንቺ» የሚል ምልክት የለውም። ከፊትና ከኋላ «በርሽ» እና «ስምሽ» ስላሉ ይይዘዋል ብዬ «ይቆይ» አልኩት። ሌላ ሰው «ይታረም» ቢለው አልከራከርም።

ሰባተኛ፦ አሁን ዝፈኑት

ክራሩን አንሱ። እዚህ የምታዳምጡት አንድ ነገር ነው፤ ማጥበቅና ማላላት። በጽሑፍ አይታይም፤ በዜማ ግን ቃሉን ይቀይረዋል። «አለ» ጠብቆ ሲነገር መኖሩን ነው፤ ላልቶ ሲነገር መናገሩን። «ገና» ጠብቆ በዓሉ ነው፤ ላልቶ «እስካሁን» ማለት ነው።

«መርሳት ግን የት አለ» ላይ ዜማው «አ»ን ረዘም አድርጎ ከጎተተና «ለ»ን በለስላሳው ካሳረፈ ሰሚው «የት ብሎ ተናገረ?» የሚል ጥያቄ የሰማ ይመስለዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ «አ»ን አሳጥራችሁ በ«ለ» ላይ ትረግጣላችሁ፣ ወይ ረጅሙን ድምፅ ወደ «የት» ታሻግራላችሁ። ሁለቱም ካልተመቸ ቃሉ ይቀየር፤ ዜማው ጥሩ ከሆነ ለእሱ ሲባል ቃል መለወጥ ተገቢ ነው።

በስልካችሁ ቅዱት። ግጥሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አሰሙት። ወረቀቱን አታሳዩት። «ወደድከው ወይ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ያለበት አገር ነው፤ «በጣም አሪፍ ነው» ይላችኋል። ይልቅ «ሰውዬው የት የት ሄደ? ምን ምን አየ?» በሏቸው። የተሳሳተ ቃል የሰሙበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ማጥበቅና ማላላቱ የተበላሸው እዚያ ነው። ፈጽመው ያላነሱትን ስንኝ ደግሞ ወደ አራተኛው ጥያቄ መልሱት።

በስተቀኝ የጻፋችሁትን አሁን ቁጠሩ። «ይውጣ» ያላችሁት ከግማሽ በላይ ከሆነ ግጥሙን ለመጠጋገን አትድከሙ። ያሰመራችሁበትን አንድ ሐረግ በአዲስ ወረቀት አናት ላይ ጻፉና ከእሱ ጀምሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ጥንድ ብቻ አርሙ፤ ባረማችሁ ቁጥር ከአንደኛው ጥያቄ ጀምራችሁ ሙሉውን እንደገና አንብቡ። አንድ ቃል ሲለወጥ ቀለሙም፣ «አንቺ» እና «እሷ»ም፣ ቤቱም አብሮ ሊናጋ ይችላልና።